ካፌው ተሸጠ፣ ዋስትናውስ?

ጥያቄ፦ «አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ትንሽ ካፌ አለኝ። ሊዙ የ7 ዓመት ነው፤ 3 ዓመት ከ6 ወር ይቀረዋል። ተከራዩ ኤልኤልሲዬ ነው፤ ያኔ ግን የግል ዋስትና የሚል ወረቀትም አስፈርመውኛል። አሁን ደክሞኛል፤ እኔ ጋ ይሠራ ለነበረ ልጅ ልሸጥለት ነው። አከራዩም ተስማምቷል። ከሸጥኩ በኋላ ዕዳው የልጁ ነው አይደል? ቤታችንንስ ሊነኩብን ይችላሉ? ባለቤቴ ምንም አልፈረመም።»

መልስ፦ አይደለም። ዕዳው የልጁም ይሆናል፣ የእርስዎም ሆኖ ይቀጥላል። አከራዩ «ተስማምቻለሁ» ሲል ልጁ ቦታውን እንዲይዝ ተስማማ ማለት እንጂ እርስዎን ለቀቀ ማለት አይደለም። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ወገኖቻችን የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። የቤቱ ጉዳይ ግን ደህና ሊሆን ይችላል፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ስለ ኤልኤልሲው። ኤልኤልሲ የሚጠብቅዎት ከድርጅቱ ጋር ብቻ ከተዋዋለ ሰው ነው። ቡና የሚያመጣልዎት ነጋዴ ገንዘቡን ሲያጣ የሚከሰው ኤልኤልሲውን ነው። አከራዩ ግን ይህን አስቀድሞ ያውቃል። የካፌ ኤልኤልሲ ቢከሰስ የሚገኝበት አንድ ያገለገለ የኤስፕሬሶ ማሽንና ጥቂት ወንበር ነው። ስለዚህ ሌላ ወረቀት ያመጣና በራስዎ ስም ያስፈርማል። ከስምዎ ሥር «ማኔጀር» ብለው ጽፈው ቢሆን እንኳ ብዙ አይተማመኑበት። ወረቀቱ ራሱ የግል ዋስትና ከሆነ ፍርድ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ወደ እርስዎ ነው የሚያዞረው። ድርጅት ለራሱ ዋስ መሆኑ ትርጉም የለውምና።

ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው አንድ ሐሳብም ያሳስተናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1922 ዋስ የሚሆን ሰው እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅ በጽሑፍ ካልተገለጸ ውሉ አይጸናም ይላል። ስለዚህ «ዋስ ነኝ» ስንል በልባችን አንድ ቁጥር አለ። ቨርጂኒያ እንዲህ ያለ ግዴታ የለም። ወረቀቱ ላይ ጣሪያ ካልተጻፈ ጣሪያ የለም። ኪራይ፣ የግብርና የኢንሹራንስ ድርሻ፣ የጋራ ቦታ ጥገና፣ ቅጣት፣ የጠበቃ ወጪ ሁሉም ይገባበታል።

እንግዲህ ያንን ወረቀት ከመሳቢያ ያውጡት። ሊዙን ሳይሆን ዋስትናውን። አንዳንዴ ከሊዙ ኋላ እንደ አባሪ ተያይዞ ነው የሚገኘው። ሦስት ነገር ይፈልጉ።

አንደኛው «የክፍያ ዋስትና ነው እንጂ የማስከፈል ዋስትና አይደለም» የሚል ሐረግ ነው። እንግሊዝኛው ጋራንቲ ኦፍ ፔይመንት፣ ኖት ኦፍ ኮሌክሽን ይለዋል። ትርጉሙ አከራዩ መጀመሪያ ልጁን መክሰስ፣ ከልጁ ማጣት፣ ከዚያ ወደ እርስዎ መምጣት አይጠበቅበትም ነው። በወሩ መጀመሪያ ኪራዩ ካልገባ፣ ውሉ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ካለ እሱ እንዳለቀ፣ ቀጥታ እርስዎን ሊከስ ይችላል። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚመርጡት እርስዎን ነው። ቤት አለዎት፣ ደሞዝ አለዎት፣ አድራሻዎ ይታወቃል።

ሁለተኛው የሚቀጥል ዋስትና መሆኑን የሚናገረው ነው። ሊዙ ቢተላለፍም፣ ቢሻሻልም፣ ቢራዘምም ዋሱ ሳይጠየቅ ዋስትናው ይጸናል ይላል። ይህ ዓረፍተ ነገር ባይኖር ኖሮ የድሮው ሕግ ለዋስ ይራራል። ዋሱ ሳያውቅ ዕዳውን በከባዱ የቀየሩበት እንደሆነ ዋሱ ነጻ ይወጣ ነበር። ጠበቆቹ ያንን ስለሚያውቁ ነው አስቀድመው የሚያስተዉዎት።

ሦስተኛው ቁጥር ነው። 49-25 እና 49-26 የሚል ካዩ እሱ ነው። የቨርጂኒያ ሕግ በእነዚህ ክፍሎች ዋስ የሆነን ሰው አንድ ጥሩ መሣሪያ ይሰጠዋል። ዕዳው ጊዜው ከደረሰ በኋላ ለአበዳሪው በጽሑፍ «ዋናውን ባለዕዳ ክሰስ» ማለት ይችላል። አበዳሪው በ30 ቀን ውስጥ ክስ ካልመሠረተ ዋሱ ይለቀቃል። ደስ የሚል ሕግ ነው፤ ችግሩ አብዛኛው የታተመ የዋስትና ቅጽ «በ49-25 መብቴን ትቻለሁ» የሚል መስመር አለው። የእርስዎ ወረቀት ላይ ይህ መስመር ከሌለ ግን ወርቅ ይዘዋል፤ ለማንም ሳያወሩ ለጠበቃ ያሳዩት። እግረ መንገድዎን ደግሞ «ኮንፌስ ጀጅመንት» የሚል ቃል ካለ ያስምሩበት። አከራዩ ሙሉ ክርክር ሳያደርግ ፍርድ እንዲያስመዘግብብዎ አስቀድመው ፈቅደዋል ማለት ነው። በንግድ ውል ላይ እዚህ ይሠራል።

አሁን ወደ ሽያጩ። በቅርቡ ከአከራዩ ጠበቃ ሁለት ሦስት ገጽ ወረቀት በኢሜይል ይደርስዎታል። «ለማስተላለፍ የተሰጠ ፈቃድ» ነው ርዕሱ። ሦስት ሰው ይፈርምበታል፦ አከራዩ፣ የእርስዎ ኤልኤልሲ፣ የልጁ ድርጅት። ከታች ግን አራተኛ መስመር ይኖራል፤ «ዋስ» ይላል፣ ከአጠገቡም የእርስዎ ስም ታትሟል። መሐሉ ላይ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ዋሱ ፈቃዱን አውቆ ዋስትናው ሙሉ በሙሉ እንደሚጸና ያረጋግጣል። ሰው የሚያየው «ፈቃድ» የሚለውን ርዕስ ነው። ደስ ብሎት ይፈርማል። በዚያች ቀን ያለውን ዋስትና በራሱ እጅ አደሰው ማለት ነው።

አንድ ደንበኛዬ እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው። ምግብ ቤቱን ሸጦ፣ የገዢውን ገንዘብ ተቀብሎ፣ ኡበር መንዳት ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል። ፈርሞ የሚቀበለው የአደራ ደብዳቤ መጣበት። ገዢው በሊዙ ላይ የነበረውን የ5 ዓመት ማራዘሚያ ተጠቅሞ፣ ከዚያ ተዘግቶ ጠፍቷል። ደንበኛዬ መራዘሙን የሰማው ከክሱ ነው። «እኔ እኮ ሸጥኩት» አለኝ። ሽያጩን ማንም አልካደም። ክሱ ስለ ሽያጩ አልነበረም።

እስቲ በእርስዎ ቁጥር እንየው። ኪራይዎን አልነገሩኝም፣ ስለዚህ ለምሳሌ ያህል በወር 5,200 ዶላር መነሻ ኪራይ፣ 1,300 ደግሞ የግብር፣ የኢንሹራንስና የጋራ ቦታ ድርሻ እንበል። በጠቅላላው 6,500። በየዓመቱ የሚጨምረውን ለሒሳቡ ቀላልነት እንተወው። 42 ወር ይቀራል፤ 273,000 ዶላር ነው። ይህ ዛሬ የዋሱበት ጠቅላላ ኪራይ ነው። ልጁ በየወሩ ከከፈለ በወር 6,500 እየቀነሰ ይሄዳል።

ልጁ 10 ወር ከፈለ እንበል። ከዚያ ሦስት ወር አቃተው፤ ቁልፉን ጥሎ ወጣ። 29 ወር ቀረ። አከራዩ ቦታውን ለ8 ወር ሳያከራይ ቆየ፣ ከዚያ በ5,900 ሌላ ሰው አስገባ። እንግዲህ የሦስቱ ወር ውዝፍ 19,500 ነው። ባዶ የቆየበት 8 ወር 52,000። ለቀሪው 21 ወር በየወሩ 600 ይጎድላል፤ 12,600። አዲሱን ተከራይ ላመጣው ደላላ 10,000፣ ለጠበቃ 12,000፣ የጭስ ማውጫውን ነቅሎ ግድግዳውን ለመመለስ 9,000 ጠየቀ። ድምሩ 115,100 ነው። 13,000 ማስያዣ ካለ ይቀነስና 102,100 ዶላር ይቀራል። ካፌውን የሸጡበት ዋጋ ከዚህ ይበልጣል?

በዚህ ሒሳብ ውስጥ አከራዩ ደግ ነበር። ተከራይ ፈልጓል። ይህን የማድረግ ግዴታ ግን ቨርጂኒያ ውስጥ በንግድ ሊዝ ላይ በአጠቃላይ የለበትም። ተከራዩ ትቶ ሲወጣ ቦታውን ባዶ አስቀምጦ ኪራዩን መጠየቅ ይችላል፤ ውሉ ራሱ «ለማከራየት ይጥራል» ካላለ በቀር። ቴክሳስ ያለ ዘመድ «አከራይ እኮ ሌላ ሰው መፈለግ አለበት» ካለዎት እሱ የሚያወራው ስለ ቴክሳስ ነው። ኒው ዮርክ ደግሞ በዚህ ጉዳይ እንደ ቨርጂኒያ ነው። ዋስትና የሚዳኘው ውሉ በመረጠው ግዛት ሕግ ነውና ከሌላ ግዛት የመጣ ምክር አይጠቅምም።

አንዳንዱ ደግሞ «ልጁ ባንክራፕሲ ቢገባስ ይሰረዛል አይደል» ይላል። የልጁ ድርጅት ቢገባ የፌዴራሉ ሕግ አከራዩ ከድርጅቱ የሚጠይቀውን የወደፊት ኪራይ ይገድበዋል። በግምት የአንድ ዓመት ኪራይ ወይም የቀሪው 15 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው፣ ግን ከሦስት ዓመት ኪራይ ሳያልፍ። ይህ ገደብ ግን ለገባው ድርጅት ነው። ውጪ ለቆመው ዋስ አይደርስም። ድርጅቱ በገባ ማግሥት አከራዩ የሚዞረው ወደ እርስዎ ነው።

አሁን ቤቱ። ባለቤትዎ አለመፈረሙ ትልቅ ነገር ነው። ቨርጂኒያ ባልና ሚስት ቤት በአንድነት የሚይዙበት የተለየ መንገድ አላት፤ ቴናንሲ ባይ ዘ ኢንታየርቲ ይባላል። በዚህ መንገድ የተያዘ ቤት የአንዱ ብቻ የሆነ ዕዳ አይነካውም። ቤቱ የግማሽ የግማሽ አይደለም፤ ለሁለቱም ሙሉው ነው። ለአንዱ ባለዕዳ የሚቆረስ ድርሻ የለም። ሜሪላንድና ዲሲም እንዲሁ ናቸው። ካሊፎርኒያ ግን ሌላ ዓለም ነው፤ እዚያ ያለ ዘመድዎ በዚህ እንዳይጽናና።

ስለዚህ ዛሬውኑ የቤቱን የባለቤትነት ሰነድ፣ ዲዱን፣ ያውጡ። ከስማችሁ ቀጥሎ «ቴናንትስ ባይ ዘ ኢንታየርቲ» የሚል አለ? ወይስ በእርስዎ ስም ብቻ ነው? ወይስ ከመጋባታችሁ በፊት የተገዛ ነው? ብዙ ሰው ቤቱን «የሁለታችን ነው» ይላል፤ ዲዱ ግን አንድ ስም ነው ያለው። አንድ ስም ከሆነና ስሙ የእርስዎ ከሆነ፣ ፍርድ ተፈርዶ በካውንቲው ወይም በከተማው የመሬት መዝገብ ሲመዘገብ ቤቱ ላይ ይያዛል። ከ2022 ጀምሮ የተሰጠ ፍርድ 10 ዓመት ይቆያል፣ ሊታደስም ይችላል። አከራዩ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ቤቱን ሲሸጡ ወይም ሪፋይናንስ ሲያደርጉ ታይትል ካምፓኒው ያገኘዋል። «አሁን ስሙን ላስገባው» የሚሉ ከሆነ ቶሎ ጠበቃ ያማክሩ፤ ገንዘብ ጠያቂ ሊመጣ መሆኑን ካወቁ በኋላ የተደረገ ዝውውር ሊፈርስ ይችላል።

ይህ ጥበቃ ሦስት ቀዳዳ አለው። ባለቤትዎ ከእርስዎ በፊት ቢያርፉ ቤቱ የእርስዎ ብቻ ይሆንና የተቀመጠው ፍርድ ያርፍበታል። ብትፋቱም ወደ ድርሻ ይቀየራል። ሦስተኛው ቀዳዳ ደግሞ በራሳችሁ እጅ የሚከፈተው ነው። አከራዩ ለፈቃዱ በላከው ወረቀት ላይ «ባለቤትም ይፈርሙ» የሚል መስመር ሊጨምር ይችላል። እንዳይፈርሙ። አንድ ፊርማ ብቻ ነው በቤቱና በአከራዩ መካከል ያለው። ጥበቃው ቤቱን እንጂ ሌላውን አይመለከትም። ደሞዝዎ ላይ ፍርድ ካረፈ በፌዴራል ሕግ ከቀረጥ በኋላ ከሚተርፈው እስከ 25 በመቶ ሊቆረጥ ይችላል፤ በስምዎ ያለ የባንክ ሒሳብም ይያዛል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ጉልበት ያለዎት አሁን ነው። አከራዩ ጥሩ ተከራይ አግኝቷል ብሎ ከተስማማ፣ ሽያጩም ገና ካልተዘጋ፣ መጠየቅ ይቻላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሙሉ መልቀቂያ ነው። ልጁ በራሱ ስም አዲስ ዋስትና ይፈርም፣ እርስዎ ከተላለፈበት ቀን ጀምሮ ይለቀቁ። በፈቃዱ ወረቀት ውስጥ በግልጽ ተጽፎ፣ አከራዩ ራሱ ፈርሞበት። የፕሮፐርቲ ማኔጀሩ «አትጨነቂ፣ እንተዋወቃለን» ያለው አይቆጠርም፤ ሕንፃው ነገ ይሸጣል፣ አዲሱ ባለቤት አያውቅዎትም፣ ዋስትናውን ግን ከሕንፃው ጋር ይገዛዋል።

ብዙ ጊዜ እምቢ ይላሉ። ልጁ ወጣት ነው፣ ክሬዲቱ አጭር ነው። እምቢ ሲሉ ወደ ጣሪያ ይውረዱ። «ከ6 ወር ኪራይ በላይ አልጠየቅም» የሚል ገደብ ያስገቡ። በእኛ ምሳሌ 102,100 የነበረው 39,000 ላይ ይቆማል። ወይም ልጁ 12 ወር በሰዓቱ ከከፈለ ዋስትናዎ ይጥፋ ይበሉ፤ አከራዮች ይህን ከሙሉ መልቀቂያ ይልቅ ቶሎ ይቀበሉታል፣ አደጋው በመጀመሪያው ዓመት ላይ ነውና። ኒው ዮርክ ውስጥ «ጉድ ጋይ» የሚሉት ዓይነት ደግሞ አለ፤ ቦታው ጸድቶ፣ ቁልፉ ተመልሶ፣ እስከዚያ ቀን ያለው ኪራይ ተከፍሎ ከሆነ የዋሱ ኃላፊነት እዚያ ያበቃል። እዚህም ቢጠየቅ የሚቀበል አከራይ አይጠፋም።

ከሁሉ የማልለቀው ግን ሁለቱን ነው። ጣሪያም መልቀቂያም ቢያጡ እነዚህን ይያዙ። ዋስትናው ዛሬ ካለው የሊዝ ዘመን አያልፍም፤ ልጁ ቢያራዝም በራሱ ነው። አከራዩ ደግሞ ልጁ ኪራይ ባሳለፈ ቁጥር ለእርስዎም በጽሑፍ ያሳውቃል፣ እርስዎም 15 ወይም 20 ቀን ተሰጥቶዎት ጉድለቱን መሙላት ወይም ሊዙን መልሰው መረከብ ይችላሉ። ይህ ሁለተኛው ዋጋው ከፍ ያለ ነው። አንድ ወር እንዳለፈ ካወቁ 6,500 ዶላር ነው ችግሩ። ገብተው ካፌውን ለሌላ ሰው መሸጥ ይችላሉ። ከስምንት ወር በኋላ ካወቁ ማሽኑም የለም፣ ደንበኛውም የለም።

ከልጁም ወገን የሚደረግ አለ። ይሉኝታውን ለአንድ ቀን ይተዉት። በሽያጩ ውል ላይ «በሊዙ ምክንያት የምከፍለውን ሁሉ ትተካልኛለህ» የሚል ይግባ፤ በድርጅቱ ብቻ ሳይሆን በራሱ ስም ይፈርም። ዋጋውን በየወሩ የሚከፍልዎ ከሆነ ማሽኖቹና ዕቃዎቹ መያዣ ይሁኑ፣ ዩሲሲ-1 የሚባለው ቅጽም በግዛቱ መዝገብ ይግባ። ካልገባ ሌላ አበዳሪ ይቀድምዎታል። ከአከራዩ የሚመጣውም መልቀቂያ ወይም ገደብ ለሽያጩ መዘጋት ቅድመ ሁኔታ ተብሎ ይጻፍ፤ ያ ወረቀት ካልተፈረመ ሽያጩ አይዘጋም።

ማስያዣው ደግሞ ይረሳል። በምሳሌያችን 13,000 ዶላሩ አከራዩ ዘንድ በኤልኤልሲዎ ስም ነው ያለው። ሊዙ ሲተላለፍ አብዛኛውን ጊዜ ከእሱ ጋር ወደ ልጁ ይሻገራል። በሽያጩ ቀን ልጁ ያንኑ ያህል ለእርስዎ ይክፈልዎ፤ በዋጋው ላይ ሳይሆን ለብቻው ተጽፎ።